ቀለም ሲወጣ ምን ይቀራል? ጥቁርና ነጭ ደካማ ፎቶን የሚያድንበትና ጉድለቱን የሚሸፍንበት ጊዜ

ፎቶ የሚያነሳ ሰው ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ፎቶው ሲከፈት ደስ አይልም። ብርሃኑ ከፍ ዝቅ ይደረጋል፣ ቀለሙ ይነካካል፣ አሁንም አልሆነም። በመጨረሻ «እስቲ ጥቁርና ነጭ ላድርገው» ይባላል፤ ፎቶውም በአንድ ጊዜ ቁም ነገር ያዘለ ይመስላል። አንዳንዴ እውነትም ያዘለ ሆኖ ይገኛል። ብዙ ጊዜ ግን ያው ፎቶ ነው፤ የተለወጠው ልብሱ ብቻ ነው።

ሁለቱን መለየት ይቻላል፤ ጉዳዩ ለጣዕም ብቻ የሚተው አይደለም። ቀለምን ማውጣት ከፎቶው ላይ የሚወስደው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም ቀይን ከአረንጓዴ፣ ቢጫን ከሰማያዊ የሚለየውን ልዩነት ነው። ብርሃኑ ከየት እንደመጣ፣ ፎከሱ የት እንዳረፈ፣ ሰውየው በዚያች ቅጽበት ምን ያደርግ እንደነበር አይነካም። ስለዚህ ፎቶው የታመመው በቀለሙ ከሆነ ይድናል። በሌላ ነገር ከሆነ ግን ሕመሙ እንዳለ ይቀራል፤ እንዲያውም ቀለሙ ደግፎት የቆየ ፎቶ ከሆነ ድጋፉን አጥቶ ይወድቃል።

ግራጫው ከየት ይመጣል?

ዲጂታል ፎቶ ውስጥ እያንዳንዱ ነጥብ ሦስት ቁጥሮች አሉት፤ አንዱ ለቀይ፣ አንዱ ለአረንጓዴ፣ አንዱ ለሰማያዊ። ቁጥሮቹ ከ0 እስከ 255 ይሄዳሉ። ፎቶው ወደ ጥቁርና ነጭ ሲቀየር ሦስቱ ተቀላቅለው አንድ ይሆናሉ፤ ሲቀላቀሉ ግን እኩል አይዋጡም። በሰፊው በሚሠራበት ቀመር አረንጓዴው 59 በመቶ ያህል፣ ቀዩ 30 በመቶ ያህል፣ ሰማያዊው ደግሞ 11 በመቶ ያህል ድርሻ አላቸው። ምክንያቱ ዓይናችን ነው፤ የድምቀት ልዩነትን አጥርቶ የሚያየው በአረንጓዴው አካባቢ ስለሆነ ቀመሩ ዓይንን ተከትሎ ተሠራ።

ይህ በተግባር ምን እንደሚያደርግ ለማየት ከሰንደቅ ዓላማችን የተሻለ ምሳሌ የለም። በኮምፒውተር ላይ በብዛት በሚሠራበት ምስል አረንጓዴው 7፣ 137፣ 48 ነው፤ ቢጫው 252፣ 221፣ 9፤ ቀዩ 218፣ 18፣ 26። በቀመሩ ሲሰላ አረንጓዴው 88 ይሆናል፣ ቢጫው 206፣ ቀዩ 79። እንግዲህ ለዓይን እጅግ የተራራቁት አረንጓዴና ቀይ ወደ አንድ ዓይነት ጥቁር ግራጫ ወረዱ፤ መሃሉ ላይ ያለው ቢጫ ግን ነጭ ሊሆን ምንም አልቀረው። ሰንደቁን የማያውቅ ሰው ባለ ሁለት ቀለም ነው ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም።

በቡና ላይም ያው ነው። የቀላ የቡና ፍሬ በአረንጓዴ ቅጠል መሃል በቀለም ፎቶ ላይ ከሩቅ ይጠራል፤ በተራ ቅየራ ግን ፍሬውም ቅጠሉም ተመሳሳይ ግራጫ ሆነው ቅርንጫፉ ይድበሰበሳል። ቀለም ምንም ያህል ቢራራቅ ድምቀቱ ከተቀራረበ ግራጫው አንድ ነው።

ለዚህ መፍትሔው ድርሻውን መለወጥ ነው። እንደ ላይትሩም ያሉ ፕሮግራሞች ለየቀለሙ የየራሱ ስላይደር አላቸው፤ የስልኩ ስናፕሲድም ቢሆን በጥቁርና ነጭ መሣሪያው ውስጥ የቀይ፣ የብርቱካን፣ የቢጫ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ ማጣሪያ ያቀርባል። የቀዩን ከፍ ስታደርጉ የቡናው ፍሬ ይነጣል፣ አረንጓዴውን ዝቅ ስታደርጉ ቅጠሉ ይጠቁራል፤ ቅርንጫፉም ተመልሶ ይነበባል። የፊልም ዘመን ሰዎች ይህንኑ የሚያደርጉት ሌንሱ ፊት ባለቀለም መስተዋት በማድረግ ነበር። አንሰል አዳምስ እ.ኤ.አ. በ1927 በዮሰሚቲ የሃፍ ዶምን ገደል ሲያነሳ መጀመሪያ በቢጫ ማጣሪያ አነሳ፤ ሰማዩ ገርጥቶ እንደሚወጣ ሲገባው ግን በቀረችው አንዲት የመስተዋት ፕሌት ላይ በጥቁር ቀይ ማጣሪያ ደገመው። ሰማያዊው ሰማይ ጠቆረ፣ ገደሉም ከፊቱ ቆመ። ልብ በሉ፣ አዳምስ ያዳነው ፎቶ አልነበረም። ግራጫው ምን እንደሚሆን ካሜራውን ከመጫኑ በፊት ወስኖ ነበር። በኋላ ኮምፒውተር ላይ የሚደረገው ቅየራ የዚያ ውሳኔ ዘግይቶ የመጣ ወንድም ነው፤ መዘግየቱ ራሱ ኃጢአት አይደለም፤ የሚሠራው ግን እንደዚያው ባለ ምክንያት ሲሆን ነው።

በእውነት የሚያድንበት

የመጀመሪያውና ንጹሑ ጉዳይ የተደባለቀ ብርሃን ነው። የቤታችንን ሳሎን አስቡት። በመስኮት የሚገባው ብርሃን ሰማያዊ ይላል፣ ኮርኒሱ ላይ ያለው ሸምበቆ መብራት አረንጓዴ ይላል፣ ጥግ ላይ ያለው አምፖል ደግሞ ብርቱካን ነው። የአንድ ሰው ፊት ግማሹ ሕመምተኛ፣ ግማሹ የጋለ ይመስላል። ዋይት ባላንሱን ለአንዱ ስታስተካክሉ ሌላው ይበላሻል፤ ሦስት ብርሃን በአንድ ቁልፍ አይታረቅም። እዚህ ላይ ቀለሙ ስለ ሰውየው የሚናገረው ነገር የለም፤ የሚናገረው ስለ አምፖሉ ነው። ሲወጣ የጠፋ ነገር የለም፤ የብርሃኑ አቅጣጫና የፊቱ ቅርጽ ይቀራሉ። ይህ እውነተኛ መዳን ነው።

ሁለተኛው የመድረክና የሠርግ አዳራሽ መብራት ነው። በቀይ ኤልኢዲ ስር የቆመ ዘፋኝ ፊቱ በቀለም ፎቶ ላይ ቅርጽ የሌለው ቀይ ጠፍጣፋ ሆኖ ይወጣል። ምክንያቱ ቀዩ ቁጥር ጣሪያ መንካቱ ነው፤ ብርሃን ባረፈበት ጉንጩም 255፣ በጥላው በኩልም 255። አረንጓዴው ቁጥር ግን አልሞላም፤ በብርሃኑ በኩል 90፣ በጥላው በኩል 25 ሊሆን ይችላል። የጠፋ የመሰለው ቅርጽ እዚያ ውስጥ ተቀምጧል ማለት ነው። ቅየራውን ከአረንጓዴው ብቻ ስትወስዱና ከዚያ ብርሃኑን ከፍ ስታደርጉ ፊቱ ይመለሳል። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱት ቀዩን ስላይደር ከፍ በማድረግ ነው፤ እሱ የሚያመጣው ያንኑ ጠፍጣፋ በነጭ ነው።

በሰማያዊ መብራት ስር የቆመ ጠይም ፊት ግን ሌላ ነገር ነው። ጠይም ቆዳ ሰማያዊ ብርሃንን የሚመልሰው በጥቂቱ ነው፤ ስለዚህ ካሜራው የተቀበለው መረጃ ራሱ ትንሽ ነው። ቀይረውት ብርሃኑን ከፍ ሲያደርጉት የሚወጣው ፊት ሳይሆን ጭቃና ነጠብጣብ ነው። ሁለቱም የአዳራሽ ፎቶዎች ናቸው፣ ሁለቱም ቀለማቸው የተበላሸ ነው፤ አንዱ ይድናል፣ አንዱ አይድንም። ልዩነቱ ከሦስቱ ቁጥሮች በአንዱ ውስጥ ቅርጹ መትረፉ ወይም አለመትረፉ ነው።

ከዚህ ጋር የሚሄደው የጨለማ ፎቶ ነጠብጣብ ነው። በአነስተኛ ብርሃን በተነሳ ፎቶ ጥላው ውስጥ የሚፈላው ነጠብጣብ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የቀለም ነው፣ ቀይና አረንጓዴ ሆኖ ይረጫል፤ ሌላው የድምቀት ነው፣ እንደ አሸዋ ይሻክራል። ዓይንን አጥብቆ የሚያስጠላው የመጀመሪያው ሲሆን ከቀለሙ ጋር አብሮ ይሄዳል። ሁለተኛው ይቀራል፤ ግን የድሮ ፊልም ሸካራነትን ስለሚመስል ሰው ይታገሠዋል።

ሦስተኛው ጣልቃ የገባ ቀለም ነው፤ እዚህ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከሰውየው ጀርባ ቀይ የፕላስቲክ ባልዲ አለ እንበል። ዓይን ወደ ቀይ ይሮጣል፤ ፎቶውን ባልዲው ወሰደው። ባልዲው 190፣ 30፣ 35 ከሆነ ግራጫው 79 አካባቢ ነው፤ በጥላ ካለ ግድግዳ ጋር ተመሳስሎ ዝም ይላል። በባልዲው ፋንታ ቢጫ ጀሪካን ቢሆንስ? 235፣ 195፣ 40 የሆነ ቢጫ ግራጫው 189 ነው። ይህ ከአብዛኛው የሰው ፊት በላይ ብሩህ ነው። በቀለም ፎቶ ላይ ያስቸገረው ጀሪካን በጥቁርና ነጭም ያስቸግራል፤ የተለወጠው ቢጫ እድፍ የነበረው ነጭ እድፍ መሆኑ ብቻ ነው። «የሚረብሽ ቀለም ካለ ጥቁርና ነጭ አድርገው» የሚለው ምክር ግማሽ እውነት የሚሆነው ለዚህ ነው።

አንድ ፎቶ ደረጃ በደረጃ

እስካሁን የተባለውን በአንድ ፎቶ ላይ እንየው። አንዲት እናት ቡና እየቀዱ ነው። ከግራ የመስኮት ብርሃን ይገባል፣ ከላይ ሸምበቆ መብራት በርቷል። ወለሉ ላይ ቄጠማ ተጎዝጉዟል፤ ግድግዳው ፈዛዛ ሰማያዊ ነው፤ ጥግ ላይ ቢጫ ጀሪካን ቆሟል። እናት ነጭ ነጠላ ለብሰዋል፤ ዓይናቸው ስኒው ላይ ነው። በቀለም ፎቶው ላይ አምስት ነገሮች በአንድ ጊዜ ይጮኻሉ፤ ፊታቸው ላይ ደግሞ ሁለት ብርሃን ይጣላል።

የመጀመሪያው እርምጃ ቀለሙን ሙሉ በሙሉ አውጥቶ ሌላ ምንም ሳይነኩ ማየት ነው። ግራጫዎቹ በግምት እንዲህ ይሆናሉ። ነጠላው 238፣ ጀሪካኑ 189፣ ግድግዳው 144፣ በመስኮቱ በኩል ያለው ፊት 112፣ ቄጠማው 100፣ ጀበናው 27። ይህ ሰልፍ የፎቶውን ጤና ይናገራል። ከነጠላው ቀጥሎ ዓይን የሚሄደው ወደ ጀሪካኑ ነው። ፊታቸው ከግድግዳው ይጠቁራል፣ ከቄጠማው ጋርም ሊቀላቀል ይቃጣዋል። ግን ጥሩ ዜና አለ፤ ፊቱ ራሱ ላይ በብርሃኑ በኩል 112፣ በጥላው በኩል 64 አለ። የመስኮቱ ብርሃን ቅርጽ ሠርቷል። የተበላሸው የቀለሙ ድብልቅ እንጂ ብርሃኑ አይደለም።

ሁለተኛው እርምጃ ሰልፉን ማስተካከል ነው። ቢጫውን ዝቅ ማድረግ ጀሪካኑን ብርሃን ካረፈበት ፊት በታች ያወርደዋል። ሣርና ቅጠል ለዓይን አረንጓዴ ቢመስልም በውስጡ ብዙ ቢጫ ስላለ ቄጠማውም አብሮ ይወርዳል፤ እዚህ ይህ የምንፈልገው ነው። የጠይም ቆዳ ቀለም የሚገኘው በብርቱካኑ ውስጥ ስለሆነ ፊታቸው ብዙም አይነካም። ቀጥሎ ሰማያዊውን በልክ ዝቅ ማድረግ ግድግዳውን ወደ 100 ያመጣዋል። አሁን ብርሃን ያረፈበት ፊት ከግድግዳውም ከቄጠማውም ይበልጣል፤ ጀበናው ጠቁሮ ይቆማል፤ ዓይን ከነጠላው ወደ ፊት፣ ከፊት ወደ ስኒው ይወርዳል።

ሦስተኛው እርምጃ ፎቶውን መቶ በመቶ አስፍቶ ሁለት ነገሮችን ማየት ነው። አንደኛው ነጠላው ነው። የሸማው ክር ይታያል ወይስ ንጹሕ ወረቀት ሆኗል? ሁሉም ቁጥሮች 255 ከሆኑ እዚያ ምንም የለም፤ የትኛውም ስላይደር ያልተቀዳ ነገር አያመጣም። ሁለተኛው ፎከሱ ነው። ዓይናቸው ወይም የሚቀዳው እጃቸው ጥርት ብሎ ካልወጣና ጥርት ብሎ የወጣው ከኋላ ያለው ጀሪካን ከሆነ፣ ያስተካከልነው ሰልፍ ሁሉ ከንቱ ነው። ይህ ፎቶ ሁለቱንም ካለፈ ዳነ እንላለን። በምን ዳነ ብትሉ መልሱ በቃላት ይነገራል፤ የሁለት መብራት ፀብ ጠፋ፣ ጀሪካኑ ዝም አለ፣ ከመጀመሪያውም የነበረው የመስኮት ብርሃን ታየ። የዳነ ፎቶ ሁልጊዜ እንዲህ ምክንያቱን መናገር ይቻላል።

የማይድነው

ያንኑ ትዕይንት ወደ ቀትር ፀሐይ እንውሰደው። ፀሐይዋ አናት ላይ ናት፤ የዓይን ጉድጓድ ጥቁር፣ ግንባርና አፍንጫ የሚያብረቀርቅ፣ ነጠላው የተቃጠለ ነጭ ነው። በቀለም ፎቶ ላይ የቆዳው ሙቀትና የጥለቱ ቀለም ይህን ጉድለት ትንሽ ይክሱት ነበር። ቀለሙ ሲወጣ የሚቀረው ብርሃኑ ብቻ ነው፤ ብርሃኑ ደግሞ መጥፎ ነው። ጥቁርና ነጭ እዚህ መሸፈኑ ቀርቶ ያጋልጣል። ሰማዩ በደመና ተሸፍኖ ብርሃኑ ከየአቅጣጫው እኩል ሲመጣ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል፤ ሁሉም ነገር መካከለኛ ግራጫ ሆኖ ፎቶው እንደ ታጠበ ጨርቅ ይገረጣል።

መሸፋፈኑ የሚጀምረው ከዚህ ቀጥሎ ነው። ኮንትራስቱ እስከ ጥግ ይጎተታል፤ ጥላው ሁሉ ድፍን ጥቁር ይሆንና የተዝረከረከው ጀርባ እዚያ ውስጥ ይቀበራል። ሰው ሠራሽ የፊልም ነጠብጣብ ይነሰነስበታል፤ ፎከስ የሳተው ፊት ሸካራ ስለሚሆን ልስላሴው ሆን ተብሎ የተደረገ ይመስላል። ዳር ዳሩ ይጠቆራል፤ መሃል ላይ ምንም ባይኖርም ዓይን ወደ መሃል ይገፋል። ሦስቱም መሣሪያዎች በየራሳቸው ነውር የለባቸውም። ሦስቱም በአንድ ፎቶ ላይ አብረው ካስፈለጉ ግን ቅየራው ሥራ አልሠራም፤ እነሱ ናቸው የሠሩት።

ሌላው የማይድን ዓይነት ጉዳዩ ራሱ ቀለም የሆነበት ፎቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስትን የመሠረተችው አይዳ ሙሉነህ በደማቅ ቀይ፣ ሰማያዊና ቢጫ የምትሠራቸው ሥራዎች ግራጫ ቢደረጉ የሚቀረው አጽም ነው። የጥምቀት ጃንጥላዎች፣ የቀሚስ ጥለት፣ የበርበሬ ገበያም እንደዚሁ ናቸው። እንዲህ ያለ ፎቶ ደካማ ሆኖ ከወጣ መፍትሔው ቀለሙን ማጣራት ነው፤ ማውጣቱ የቀረችውን አንዲት ምክንያት መግደል ይሆናል።

በመጨረሻ ባዶ ቅጽበት አለ። ሰውየው ምንም አያደርግም፣ ፊቱ ምንም አይልም፣ እጁ የትም አይደለም። ጥቁርና ነጭ ለዚህ ባዶነት ክብደት ያውሰዋል፤ ምክንያቱም ከታሪክ መጽሐፍ፣ ከአባቶቻችን የስቱዲዮ ፎቶ፣ ከቀብር ምስል ጋር ስላያያዝነው ነው። ለረጅም ጊዜ ሙዚየሞችም «ቁም ነገር ያለው ፎቶ ጥቁርና ነጭ ነው» በሚል እምነት ይሠሩ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1976 የኒውዮርኩ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም የዊልያም ኤግልስተንን የቀለም ፎቶዎች ለብቻቸው ሲያሳይ ያስነሳው ጫጫታ የዚያ እምነት ውጤት ነበር። እምነቱ ዛሬም በውስጣችን አለ። የደከመች አሮጊት ወይም ባዶ እግሩን የሆነ ሕፃን ፎቶ ግራጫ ሲሆን «ጥልቅ» የሚመስለን ስለ ሰዎቹ አዲስ ነገር ስላወቅን ሳይሆን የለመድነውን የሐዘን ልብስ ስላየን ነው።

ስላይደሩ ሲበዛ

ማዳን ድንበር አለው፤ ድንበሩም የፋይሉ ዓይነት ነው። አብዛኛው የስልክ ፎቶ በጄፔግ ይቀመጣል። ጄፔግ ቦታ ለመቆጠብ ሲል ድምቀቱን ለየነጥቡ ሲያስቀምጥ ቀለሙን ግን በአብዛኛው ለአራት ነጥብ አንድ ጊዜ ብቻ ይመዘግባል። በተለመደው እይታ ይህ አይታወቅም። የሰማያዊውን ስላይደር ወደ ታች ስትጎትቱ ግን ያንን ሻካራ የቀለም መረጃ ወደ ድምቀት እየለወጣችሁት ነው። ሰማዩ ላይ ካሬ ካሬ ይታያል፤ በፀጉርና በጣራ ዙሪያ ነጭ ጠርዝ ይወጣል፤ ለስላሳው ሰማይ በደረጃ ይከፋፈላል። ራው ፋይል ከሆነ ብዙ ርቀት ይሄዳል፤ እሱም ቢሆን ሰማያዊው ላይ ቶሎ ይሻክራል፤ ሴንሰሩ ላይ ካሉት ተቀባዮች ግማሹ ለአረንጓዴ የተመደቡ ሲሆኑ ለሰማያዊ የደረሰው ሩቡ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ድንበር ቆዳ ነው። ብርቱካኑን ከፍ ማድረግ ጠይም ፊትን ያቀላል፤ የሠርግ ፎቶ ላይ በብዛት የሚደረገውም ይኸው ነው። ጠይም ፊት ቅርጹን የሚያገኘው በጥላው ብቻ አይደለም፤ ጉንጭና ግንባር ላይ በሚያርፈው የብርሃን ነጸብራቅም ጭምር ነው። ቆዳው በጣም ሲነጣ ነጸብራቁ ከዙሪያው መለየቱን ያጣል፤ ፊቱ ይጠፈጠፋል። ሙሽራዋ ነጣች፣ ግን ጉንጯ ጠፋ። ልኩ ነጸብራቁ ከዙሪያው ተለይቶ እስከታየ ድረስ ነው።

አንድ የታወቀ ክርክር

ይህን ጥያቄ ዓለም ፊት ያወጣው የስቴፓን ሩዲክ ጉዳይ ነው። ፎቶ አንሺው እ.ኤ.አ. በ2010 በወርልድ ፕሬስ ፎቶ ውድድር በኪየቭ ስለሚደረግ የጎዳና ድብድብ ባቀረበው ተከታታይ ሥራ ተሸልሞ ነበር። ከፎቶዎቹ አንዱ በፋሻ የሚጠቀለል እጅ ነው፤ ጥቁርና ነጭ፣ ሸካራ፣ ዳሩ የጠቆረ። ዋናው ፋይል ሲመረመር ሰፊ የቀለም ፎቶ ሆኖ ተገኘ፤ እጁ የዚያ ፎቶ ትንሽ ክፍል ብቻ ነበር። ሽልማቱ ተሰረዘ። የተሰረዘው ግን በመቆረጡ፣ ቀለሙ በመውጣቱ ወይም በነጠብጣቡ አልነበረም። ከእጁ በስተጀርባ ይታይ የነበረ የእግር ቁራጭ በመጥፋቱ ነበር።

ብዙ ሰው «ያን ሁሉ ፈቅዶ በአንድ እግር ይቀጣል?» ብሎ ተገረመ። ከዳሰሳችን አንጻር ግን ፎቶው ለሁለት ይከፈላል። መቁረጡ እውነተኛ ሥራ ሠርቷል፤ በሰፊው ፎቶ ውስጥ የተደበቀውን እጅ አግኝቷል። ቀለሙ መውጣቱም ያንን እጅ ከዙሪያው ለይቷል። ነጠብጣቡና የጠቆረው ዳር ግን ስለ እጁ የጨመሩት ነገር የለም፤ የጨመሩት ስሜት ነው። በአሁኑ የውድድሩ ደንብም ወደ ግራጫ መቀየር የተፈቀደ ሆኖ፣ በድምቀትና በኮንትራስት ለውጥ ከጀርባ ያሉ ሰዎችን ወይም ነገሮችን መቅበር የተከለከለ ነው። ይህ የዜና ፎቶ ሕግ ነው፤ ለሠርግና ለቤተሰብ ፎቶ አያስገድድም። መስመሩ ግን ለሁሉም ይሠራል፤ መቀየር አንድ ነገር ነው፣ በጥቁሩ ውስጥ መደበቅ ሌላ።

እንዴት ይፈተን?

ከተግባር የሚመነጭ አጭር መፈተኛ አለ። መጀመሪያ የቀለም ፎቶውን በሚቻለው ሁሉ አስተካክሉት፤ ዋይት ባላንሱ ብቻ ሆኖ የሚያስቸግረው ብዙ ፎቶ እዚያው ይድናል፣ ወደ ግራጫ መሄድም አያስፈልገውም። ቀጥሎ ቀለሙን ብቻ አውጡ፤ ኮንትራስት፣ ነጠብጣብ፣ ዳር ማጥቆር አትጨምሩ። ፎቶውን በስልክ ገጽ ላይ እንደሚታይ ትንሽ አድርጉትና ዓይናችሁ የት እንደሚሄድ ተመልከቱ። ልትሉት ወዳሰባችሁት ነገር ከሄደ ወይም በጥቂት የስላይደር ለውጥ ወደዚያ መሄድ ከጀመረ ፎቶው ይድናል። የሚሄድበት ካጣ ወይም ወደ ጀሪካኑ ከሄደ ኮንትራስቱን መጎተት ጉድለቱን መሸፈን ብቻ ነው።

ካሜራችሁ ራው የሚቀዳ ከሆነ ደግሞ ማሳያውን ወደ ጥቁርና ነጭ አድርጋችሁ አንሱ። በጀርባው ስክሪን ላይ ግራጫውን ታያላችሁ፤ ራው ፋይሉ ግን ቀለሙን እንደያዘ ይቀመጣል። ግድግዳው ከፊቱ እንደሚነጣ እዚያው ስታዩት አንድ እርምጃ ወደ ጎን ትሄዳላችሁ፤ ያ እርምጃ የትኛውም ስላይደር የማይሰጠው ነው።

የመጨረሻው ፈተና ጥያቄ ነው። «ይህን ፎቶ ለምን ጥቁርና ነጭ አደረግኸው?» ለሚል ሰው «የሁለቱ መብራት ፀብ ፊቷን አጥፍቶት ነበር» የሚል መልስ ካላችሁ ፎቶው ድኗል። መልሳችሁ «የተሻለ መሰለኝ» ብቻ ከሆነ ወደ ቀለሙ መልሱትና ሕመሙን ፈልጉ፤ ካልተገኘለት መድኃኒት ፎቶውን ትታችሁ ሌላ አንሱ።